ቀለምን የሚለየው ዓይን ነው ወይስ ቃል?



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ለመጠየቅ ቀላል ነው፤ ሊቃውንትን ግን ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አከራክሯል። አንድ ቋንቋ ለሰማያዊ ቀለም የራሱ ቃል ከሌለው፣ የቋንቋው ተናጋሪዎች ሰማያዊን ያዩታል ወይስ አያዩትም? የሚያዩት ከሆነስ፣ ቃሉ ያለው ሰው ከሚያየው በምን ይለያል? ይህን ስንጠይቅ ስለ ቀለም ብቻ እየጠየቅን አይደለም። አፍ የፈታንበት ቋንቋ ዓለምን የምናይበትን መንገድ ይወስነዋል ወይ ብለን መጠየቃችን ነው። ቀለምን የመረጥሁት ክርክሩ በመላ ምት ሳይሆን በሙከራ የተካሄደበት መስክ ስለሆነ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ከአንድ ፖለቲከኛ ነው። ኋላ አራት ጊዜ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ዊልያም ግላድስተን በ1858 ስለ ጥንታዊው የግሪክ ባለቅኔ ስለ ሆሜር ሰፊ ጥናት አሳተመ። ሆሜርን ሲያነብ አንድ ነገር ግራ አጋብቶት ነበር። ባለቅኔው ባሕሩን የወይን ጠጅ መልክ ይሰጠዋል። የበጎችን ጠጉር ሐምራዊ ያደርገዋል። ለማር በሚጠቀምበት ቃል በፍርሃት የገረጣን ፊት ይገልጽበታል። ጥቁርና ነጭ በየገጹ ሞልተዋል፤ ቀይ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። በግሪክ ሰማይና በግሪክ ባሕር መካከል የተወለደው ቅኔ ግን ሰማያዊን በስሙ አይጠራውም። ግላድስተን ከዚህ ተነሥቶ በዚያ ዘመን የነበሩ ሰዎች ቀለምን የመለየት ችሎታቸው ገና አልዳበረም ነበር ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ። በ1877 ደግሞ ሁጎ ማግኑስ የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ሐሳቡን ገፋ አድርጎ፣ የሰው ዓይን ራሱ በጥቂት ሺህ ዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ተለውጦ መጀመሪያ ቀይን፣ በመጨረሻ ሰማያዊን ማየት ቻለ አለ።

ስሕተቱ የት ላይ እንዳለ ልብ በሉ። ሁለቱም በእጃቸው የነበረው የቃል ዝርዝር ብቻ ነው። ከቃል ተነሥተው ስለ ዓይን ፈረዱ። አንድ ሰው ለአንድ ነገር ስም አለመስጠቱ ነገሩን አለማየቱን አያሳይም። ያንን ለማወቅ በሕይወት ያለ ሰው ማግኘትና ዓይኑን መፈተን ያስፈልጋል።

ፈተናው የመጣው በ1898 ነው። በዚያ ዓመት ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተነሣ የምርምር ቡድን በአውስትራሊያና በኒው ጊኒ መካከል ወዳለው የቶረስ ወሽመጥ ደሴቶች ተጓዘ። የቡድኑ አባል የነበረው ሐኪም ዊልያም ሪቨርስ የደሴቶቹን ሰዎች ስለ ቀለም ስሞች ከጠየቀ በኋላ፣ ቀለም የተነከሩ የሱፍ ክሮች አቅርቦ የሚመሳሰሉትን እንዲያዛምዱ አደረጋቸው። ለሰማያዊ የሚሰጡት ስም ከጥቁር ወይም ከአረንጓዴ ጋር ይደበላለቅ ነበር፤ ክሮቹን ለመለየት ግን አልተቸገሩም። ሪቨርስ በመስታወት መሣሪያ ሲለካቸው የሰማያዊ ስሜታቸው ከእንግሊዞች ትንሽ ደከም ያለ መስሎ ስለታየው፣ ከዓይን የሚመጣ ልዩነት ሳይኖር አይቀርም ብሎ ጠረጠረ። በ1916 አሜሪካ የነበረው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዋርድ ቲችነር ግን ያንኑ ፈተና ደሴቱ ላይ በነበረው ዓይነት ደብዘዝ ያለ ብርሃን አሜሪካኖች ላይ ቢሞክረው፣ እነሱም እንዲሁ ለሰማያዊ ደከሙ። ደካማው ብርሃኑ እንጂ ዓይኑ አልነበረም። ዛሬ እንደምናውቀው፣ ጤናማ የሰው ዓይን በየትም አገር ቀለምን የሚቀበለው ኮን በሚባሉ ሦስት ዓይነት ሕዋሳት ነው። የእነዚህ ሕዋሳት ብዛትና ስሜት በሚናገሩት ቋንቋ አይለወጥም።

እንግዲህ ዓይን አንድ ከሆነ፣ ቃላቱ ለምን ይለያያሉ? የሚለያዩትስ ያለ ሥርዓት ነው? በሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ላይ ብዙዎች አዎ፣ ያለ ሥርዓት ነው ይሉ ነበር። የቀለሞች ሰንሰለት ሳይቋረጥ የሚሄድ ነው፤ እያንዳንዱ ቋንቋ ደስ ባለው ቦታ ይቆርጠዋል ማለታቸው ነው። በ1969 ሁለት የካሊፎርኒያ ምሁራን፣ ብሬንት በርሊንና ፖል ኬይ፣ ይህን እምነት ተገዳደሩ። ከሦስት መቶ በላይ የቀለም ካርዶች ደርድረው የሃያ ቋንቋ ተናጋሪዎችን እያንዳንዱ የቀለም ቃል የትኞቹን ካርዶች እንደሚሸፍን፣ ለቃሉ ዋነኛ ምሳሌ የሚሆነውም ካርድ የትኛው እንደሆነ ጠየቁ። የቃላቱ ድንበር ከቋንቋ ቋንቋ ቢለያይም፣ ዋነኛ ተብለው የተመረጡት ካርዶች ግን በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ተሰበሰቡ። ሁለት ቃል ብቻ ያላቸው ቋንቋዎች ጨለማውን ከብርሃኑ ይለያሉ፤ ሦስተኛ ቃል ሲጨመር ቀይ ይሆናል፤ ቢጫና አረንጓዴ ይከተላሉ፤ ሰማያዊ ከዚያ በኋላ፣ ቡናማም ከእሱ በኋላ ይመጣል።

ጥናቱ ወዲያው ተተቸ። ተጠያቂዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የሚኖሩና እንግሊዝኛ የሚያውቁ ሰዎች ስለነበሩ፣ የእንግሊዝኛው አከፋፈል ተጭኗቸው ይሆናል ተባለ። ትችቱ ተገቢ ስለነበር ከ1976 ጀምሮ የጽሑፍ ባህል በሌላቸው 110 ቋንቋዎች ላይ በየአገራቸው ሰፊ ጥናት ተደረገ። ቅደም ተከተሉ ብዙ ማሻሻያ ቢያስፈልገውም፣ ዋነኞቹ ቀለሞች በዓለም ዙሪያ በተቀራራቢ ቦታዎች መሰብሰባቸው ጸና። በራሳችንም ቋንቋ የዚህን ፈለግ ማየት ይቻላል። ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ በራሳቸው የቆሙ ቃላት ናቸው። ሰማያዊ ግን ከሰማይ፣ ቡናማ ከቡና፣ ብርቱካናማ ከብርቱካን ተበድረው የቆሙ ናቸው። በብዙ ቋንቋ ዘግይቶ ስም የሚያገኝ ቀለም ስሙን የሚያገኘው እንዲህ ከአንድ ነገር ተውሶ ነው።

እዚህ ላይ ከአገራችን የተገኘ አንድ ጥናት ካርዶቹን ራሳቸውን እንድንጠረጥር ያደርገናል። ሙርሲዎች በደቡብ ኦሞ፣ በኦሞና በማጎ ወንዞች መካከል የሚኖሩ ከብት አርቢዎች ናቸው። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን ከእነሱ ጋር ለረጅም ዓመታት ሠርቶ በ1980 ስለ ቀለም ቃሎቻቸው አንድ ጽሑፍ አሳተመ። የሙርሲ የቀለም ቃላት የከብት መልክ ቃላት ናቸው። እኛም ለከብት ዳለቻ፣ ቡላ፣ ቦቃ፣ ዝጉርጉር እንላለን። ለእኛ ግን አብዛኞቹ እዚያው ከብቱ ላይ ይቀራሉ፤ መኪናን ዳለቻ የሚል ሰው አይገኝም። ሙርሲዎች በከብቱ ቃል ጨርቁንም፣ ድንጋዩንም፣ የአጥኚውን ካርድም ይጠሩበታል። የተርተን ጽሑፍ ርእስ በአማርኛ ቢባል «እንዲህ ያለ ከብት የለም» ነው። በአጥኚው ካርድ ላይ ያለው ቀለም በየትኛውም ላም ወይም በሬ ላይ የማይገኝ ከሆነ፣ ትክክለኛው መልስ ይኸው ነውና። ይህን የመለሰ ሰው ካርዱን ሳያየው ቀርቶ አይደለም፤ በደንብ አይቶታል። የተጠየቀው ጥያቄ ግን ቀለምን ከነገሩ ነጥሎ መጥራትን እንደ ግዴታ የሚቆጥር ነው፤ ይህም የአጥኚው ልማድ እንጂ የሰው ልጆች ሁሉ ልማድ አይደለም። ስለዚህ ሰዎች ምን ብለው እንደሚጠሩ መጠየቅ ብቻውን ስለሚያዩት ነገር እንደማይነግረን ከግላድስተን በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ተማርን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ስም ሳያስጠሩ ማየትን እንዴት መፈተን ይቻላል? ለዚህ በጣም ጥሩ ሆኖ የማገኘው ፖል ኬይ ራሱ ከዊሌት ኬምፕተን ጋር ሠርቶ በ1984 ያሳተመው ሙከራ ነው። ቀላልና ብልሃት የተሞላበት ስለሆነ ደረጃ በደረጃ ልግለጽላችሁ።

በሰሜን ሜክሲኮ ተራሮች ውስጥ የሚኖሩት ታራሁማራዎች ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንድ የጋራ ቃል አላቸው። እንግሊዝኛ ሁለት አለው። አጥኚዎቹ ከአረንጓዴ ተነሥተው ቀስ በቀስ ወደ ሰማያዊ የሚሄዱ ስምንት ካርዶች መረጡ። ከእነዚህ ሦስት ሦስቱን እያነሡ ለተጠያቂው ያሳዩና «ከሦስቱ ከሌሎቹ ይበልጥ የተለየው የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሦስቱን ካርዶች አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ እንበላቸው። አንደኛው አረንጓዴ ነው፤ ሁለተኛው ወደ ሰማያዊ ያደላ አረንጓዴ ነው፤ ሦስተኛው ሰማያዊ ነው። የእንግሊዝኛው የቃል ድንበር በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያልፋል። ካርዶቹ የተመረጡት ግን ለዓይን ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለው ርቀት ይበልጥ ሰፊ በሚሆንበት መንገድ ነው። ስለዚህ ዓይን ብቻውን ቢፈርድ ለብቻው የሚወጣው አንደኛው ካርድ ነው። ቃል ጣልቃ ከገባ ግን ሁለቱ «አረንጓዴዎች» አንድ ላይ ሆነው ሦስተኛው ይገለላል።

ታራሁማራዎቹ እንደ ዓይናቸው ፈረዱ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ በቃላቸው ድንበር ላይ ያለውን ርቀት አጋነኑት፤ ሦስተኛውን ካርድ አገለሉ። ብዙ ሰው ለራሱ የሚያስበው ከዚህ በተቃራኒው ነው፤ ቃል የበዛለት ሰው ይበልጥ ጥርት አድርጎ ያያል ይላል። እዚህ ግን ወደ እውነተኛው ርቀት የቀረበ ፍርድ የሰጡት አንድ ቃል ብቻ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሁለት ቃል የነበራቸውን ቃላቸው አሳሳታቸው።

ታዲያ ቃሉ የለወጠው ማየታቸውን ነው ወይስ ፍርዳቸውን? ኬይና ኬምፕተን እዚህ ላይ ያደረጉት ነገር ሊታወስ የሚገባው ነው። ሦስቱን ካርዶች አንድ ሣጥን ውስጥ አስቀመጡና በላዩ ተንሸራታች ክዳን አደረጉ። ክዳኑ አንድ ጊዜ አንደኛውንና ሁለተኛውን፣ ሌላ ጊዜ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያሳያል እንጂ ሦስቱን በአንድ ላይ አያሳይም። እንግሊዝኛ ተናጋሪው አንደኛውንና ሁለተኛውን ሲያይ፣ ይህኛው ከዚያኛው ይበልጥ አረንጓዴ እንደሆነ ይነገረዋል። ክዳኑ ተንሸራትቶ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሲያይ ደግሞ፣ ያኛው ከዚህኛው ይበልጥ ሰማያዊ እንደሆነ ይነገረዋል። ከዚያ ጥያቄው ይቀርባል፤ በአረንጓዴነት ያለው ልዩነት ይበልጣል ወይስ በሰማያዊነት ያለው? በዚህ አጠያየቅ መካከለኛው ካርድ አንዴ በአረንጓዴ፣ አንዴ በሰማያዊ ተመዝኗል። ተጠያቂው አንድ ስም ለጥፎበት በዚያ ሊፈርድ አይችልም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም እንደ ታራሁማራዎቹ ፈረዱ፤ ማጋነኑ ጠፋ።

ካርዶቹ ያው ናቸው፤ ዓይኖቹም ያው ናቸው። የተለወጠው ነገር ቢኖር ቃሉ ለፍርድ እንዳይረዳ መደረጉ ብቻ ነው። እንግዲያው ቃሉ የእነዚያን ሰዎች ዓይን አልለወጠውም ነበር ማለት ነው። ከባዱን ምርጫ ለማቅለል በአእምሯቸው ውስጥ ስም እየጠሩ፣ በስሙ ያዳሉ ነበር።

ሆኖም ተቃዋሚው አሁንም የሚለው አለው። «የትኛው ይበልጥ ይለያል?» የሚል ጥያቄ የተጠያቂውን አስተያየት የሚጠይቅ ነው፤ ለአስተያየት ጊዜ የተሰጠው ሰው ቃል መጥራቱ አይቀርም። ትክክልና ስሕተት ያለው፣ በፍጥነት የሚሠራ ፈተና ቢሆንስ? ይህን የሞከሩት ጆናታን ዊናወር፣ ሌራ ቦሮዲትስኪና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ውጤታቸው በ2007 ታተመ።

የመረጡት የሩስያ ቋንቋን ነው። ሩስያዊ «ሰማያዊ» ብሎ በአንድ ቃል የሚጠቀልለው ስም የለውም። እኛ ውኃ ሰማያዊ የምንለውን እሱ «ጎሉቦይ» ይለዋል፤ ጠቆር ያለውን «ሲኒይ» ይለዋል። ለእሱ ሁለቱ የአንድ ቀለም ልጆች ሳይሆኑ እንደ ቀይና እንደ ሮዝ የየራሳቸው ስም ያላቸው ናቸው። አጥኚዎቹ ከፈዛዛው እስከ ጠቆር ያለው ሃያ ዓይነት ሰማያዊ አዘጋጁ። በኮምፒዩተሩ ስክሪን ላይ አንድ አራት ማዕዘን ከላይ፣ ሁለት ደግሞ ከታች ይመጣሉ። ከታቹ አንዱ ከላዩ ጋር ፍጹም አንድ ነው። ተፈታኙ የትኛው እንደሆነ ቶሎ አይቶ ቁልፍ ይጫናል። ስም መጥራት አይጠየቅም፤ ሦስቱም ከፊቱ ስላሉ ማስታወስም አያሻውም። ሁሉም ሃያዎቹን ቀለሞች ለሁለት እንዲከፍል ተጠይቆ የእያንዳንዱ ሰው ድንበር ለብቻው ተመዘገበ።

ሩስያኛ ተናጋሪዎቹ ሁለቱ ቀለሞች በድንበሩ ግራና ቀኝ ሲሆኑ፣ ሁለቱም ጎሉቦይ ወይም ሁለቱም ሲኒይ ከሚሆኑበት ጊዜ ይልቅ ፈጥነው መለሱ። ብልጫው የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ «ፈዛዛ ሰማያዊ» እና «ጠቆር ያለ ሰማያዊ» ብላችሁ ክፈሉ ሲባሉ ድንበራቸው ሩስያኛ ተናጋሪዎቹ ካሰመሩበት ብዙም አልራቀም፤ ነገር ግን በፍጥነት ረገድ ምንም ብልጫ አላገኙም። ሁለቱም ወገኖች ድንበሩን ያዩታል፤ ሳያስቡት በሥራ ላይ የሚያውሉት ግን ዘወትር ሁለት ቃል መምረጥ የሚገደዱት ብቻ ናቸው።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ከሣጥኑ ክዳን ጋር የሚመሳሰል ብልሃት ነው። ተፈታኞቹ ቀለሞቹን እያነጻጸሩ ሳለ ስምንት አኃዝ ያለው ቁጥር በልባቸው እንዲደጋግሙ ተደረገ። በልብ ቁጥር የሚቆጥር ሰው የውስጥ ምላሱ ሥራ ይይዛል። በዚህ ጊዜ የሩስያኛ ተናጋሪዎቹ ብልጫ ጠፋ። ትኩረታቸው ስለተሻማ ብቻ ነው እንዳይባል፣ በሌላ ዙር በቁጥር ፋንታ የጥቁርና የነጭ ሳጥኖች ንድፍ በዓይነ ሕሊናቸው እንዲይዙ ተደረጉ። ያም ከባድ ሥራ ነው፤ ግን ቃል አይጠይቅም። ብልጫው አልጠፋም። የሚያፈጥናቸው በዚያች ቅጽበት ከውስጥ የሚጠራው ቃል እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ አይገኝም።

ሁለቱን ሙከራዎች አንድ ላይ ብናስቀምጣቸው አንድ መልስ ይሰጣሉ። ቃል በቀለም ላይ ይሠራል፤ ግን የሚሠራው እንደ ጎን ረዳት ነው። ዓይን የሰበሰበውን ለመፈረጅ፣ ሁለት ተቀራራቢ ነገሮች በድንበር ላይ ሲገናኙም ለመወሰን ያግዛል። ረዳቱን በሌላ ሥራ ስትጠምዱት ሥራው ይቆማል። በልጅነታችን ቋንቋ ስንለምድ ዓይናችን ለዘለቄታው ተለውጦ ቢሆን ኖሮ፣ ቁጥር መቁጠር አይመልሰውም ነበር።

ለዚህ ውጤት መጠንቀቅ ያለብንን ሁለት ነገር ልንገራችሁ። የመጀመሪያው የልኬት ችግር ነው። በኮምፒዩተር ላይ እኩል የሚራራቁ ቀለሞች ለዓይን እኩል ላይራራቁ ይችላሉ። በቃል ድንበር ላይ ያሉት ጥንዶች በአጋጣሚ ለማንም ዓይን ትንሽ ራቅ ያሉ ከሆኑ፣ በዚያ ቦታ የታየውን ፍጥነት ለቃል መስጠት ስሕተት ይሆናል። የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ቡድን ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ ችግሩ ከቀለሞቹ አመራረጥ ቢሆን ኖሮ እነሱም ይፈጥኑ ነበር። ሆኖም በዚህ መስክ ብዙ ሙከራዎች ይህን ጥንቃቄ ሳያሟሉ ቀርተው፣ ሌሎች በተሻለ ልኬት ሲደግሟቸው ውጤታቸው ከስሟል። የሩስያው ሰማያዊም በ2020 በሌሎች አጥኚዎች እንደገና ተፈትኖ የቋንቋው ጉልበት የ2007ቱን ያህል ጎልቶ አልወጣም። የዚያ ጽሑፍ ርእስ ራሱ የቋንቋ ተጽዕኖ ወሰን እንዳለው የሚያመለክት ነው። የሰከንድ አሥረኛን የሚያህል ነገር በትንሽ የብርሃን ስሕተት ሊመጣም ሊጠፋም ይችላልና፣ ይህ ሊያስገርመን አይገባም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ወሬ ነው። በ2011 አንድ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ፕሮግራም በሰሜን ናሚቢያ ስለሚኖሩት ሂምባዎች አንድ ትዕይንት አሳየ። ሂምባዎች ለአረንጓዴና ለሰማያዊ የጋራ ቃል አላቸው። በትዕይንቱ ላይ ከብዙ አረንጓዴ ሳጥኖች መካከል አንዷን ሰማያዊ ሳጥን ፈልገው ለማግኘት ሲቸገሩ ይታያል። ምስሉ በዓለም ዙሪያ ተሠራጨ፤ ዛሬም «ቃል የሌለው ሰው ሰማያዊን አያይም» ለሚለው አባባል እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል። ነገር ግን በዚያ መልክ በምርምር መጽሔት የታተመ ውጤት የለም። ዴቢ ሮበርሰንና ባልደረቦቿ ስለ ሂምባዎች በ2005 ያሳተሙት ጥናት የሚለው ከዚህ በጣም ለዘብ ያለ ነው። ሂምባዎች በራሳቸው ቃላት ድንበር ላይ ያሉ ቀለሞችን፣ እንግሊዞችም በራሳቸው ድንበር ላይ ያሉትን፣ ለማስታወስና ለመለየት ቀለል ይላቸዋል። ይህ ከሩስያው ውጤት ጋር የሚዛመድ ነው። በአረንጓዴ መካከል የተቀመጠ ሰማያዊ የማይታየው ሕዝብ አለ ማለት ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው፤ ግላድስተንና ማግኑስ የሳቱትን መንገድ መልሶ መሄድ ነው።

ቃል ከመምጣቱ በፊት ምን እንደነበር ማወቅም ይረዳል። ስለ ቀለም አንዲት ቃል የማያውቁ ሕፃናት በዚህ ጉዳይ ምስክር ሊሆኑ ይችላሉ። ሕፃን አንድን ቀለም ደጋግማችሁ ብታሳዩት ይሰለቸዋል፤ አዲስ የመሰለው ሲመጣ ረዘም አድርጎ ይመለከታል። አሊስ ስኬልተንና ባልደረቦቿ በሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ከአራት እስከ ስድስት ወር ዕድሜ ያላቸውን ሕፃናት በዚህ መንገድ ፈትነው በ2017 እንዳሳተሙት፣ ሕፃናቱ ቀለሞችን በአምስት ጎራ ይለያሉ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ሐምራዊ። ታራሁማራም ሆነ ሂምባ፣ አማራም ሆነ እንግሊዝ፣ ሰው ወደ ቋንቋው የሚገባው አረንጓዴንና ሰማያዊን መለየት ችሎ ነው ማለት ነው። ቋንቋው ከእነዚህ ድንበሮች አንዳንዶቹን ያጠብቃል፤ አንዳንዶቹን ያላላል፤ አልፎ አልፎም እንደ ጎሉቦይና ሲኒይ ያለ አዲስ ያሰምራል።

ይህ ለእኛ ሰዎች ሩቅ ወሬ አይደለም። ዕብራይስጥም እንደ ሩስያኛ ውኃ ሰማያዊውን «ትኼሌት»፣ ጠቆር ያለውን «ካሆል» ብሎ በሁለት ስም ይጠራል። እስራኤል አገር ያደገ የኢትዮጵያውያን ልጅ ከወላጆቹ አንድ «ሰማያዊ» ሰምቶ፣ ትምህርት ቤት ገብቶ ሁለቱን ይለያል። እስካሁን ያየነው ማስረጃ ትክክል ከሆነ፣ ይህ ልጅ እናቱ የማታየውን አንዳች ቀለም አያይም። አንድ ጨርቅ አሳይታችሁ ስሙን ብትጠይቋቸው እሷ ለመወሰን የማያስፈልጋትን ነገር እሱ መወሰን አለበት። ያ የዕለት ተዕለት ግዴታ ነው በድንበሩ ላይ ንቁ የሚያደርገው። የሁለቱን ቋንቋ ልዩነት በትክክል መግለጽ የሚቻለው እንዲህ ብሎ ነው እንጂ፣ የአንዱ ዓለም ከሌላው የደመቀ ነው ብሎ አይደለም።

ስለዚህ «የእገሌ ሕዝብ ይህን ቀለም አያይም» የሚል ነገር ስታነቡ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሰዎቹ የተጠየቁት ስም እንዲጠሩ ነው ወይስ እንዲለዩ? ስም ከሆነ ስለ ዓይናቸው የተነገረ ነገር የለም። እንዲለዩ ከሆነ፣ በሌላ ቋንቋ የሚናገር ቡድን በዚያው ብርሃን፣ በእነዚያው ካርዶች ተፈትኗል ወይ? ካልተፈተነ፣ ቲችነር እንዳሳየው ውጤቱ የብርሃኑ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም፣ ቃል እንዳይጠራ ሲታገድ ልዩነቱ ይጠፋል ወይስ ይቆያል? ከጠፋ፣ ቃል ረድቶ ነበር፤ ማየት ግን አልተለወጠም። ከቆየ፣ ይበልጥ ጥልቅ የሆነ ነገር ተገኝቷል ለማለት በር ይከፈታል። እስካሁን በጥንቃቄ ከተሠሩት መካከል የነገርኋችሁ ሁለቱ ሙከራዎች የመለሱት «ይጠፋል» ብለው ነው። እኔም የምቆመው እዚህ መልስ ላይ ነው፤ ዓይናችን የጋራችን ነው፤ ቋንቋችን ደግሞ ዓይናችን ካየው መካከል የትኛውን ልዩነት ቶሎ እንድንይዝና እንድናስታውስ የሚያለማምደን ነው።